ቅንፍ በቅንፍ፦ ረጅም ፖሊኖሚያልን በጥቂት ማባዛት ማስላት

(አራት ኪሎ ላይ ለሒሳብ ተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለፕሮግራመሮች ከቀረበ ንግግር የተጻፈ)

ጤና ይስጥልኝ። ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። በቀጥታ ወደ ቁጥሩ ልግባ።

ከዚህ ከአራት ኪሎ ተነስታችሁ በፒያሳ አድርጋችሁ ወደ ብሔራዊ ቴአትር ብትወርዱ መንገዱ ሁሉ ባንክ ነው። ከእነዚህ በአንዱ አንዲት ሴት በየዓመቱ መስከረም ላይ ገንዘብ ታስቀምጣለች እንበል። በመጀመሪያው ዓመት 10,000 ብር አስገባች፤ በሁለተኛው 12,000፤ በሦስተኛው እጇ አጠረና 8,000፤ በአራተኛው 15,000። ወለዱ በዓመት 7 በመቶ ነው፤ በዓመት አንዴ ይታሰባል፤ የወለድ ግብሩን ለጊዜው እንተወው። የአራተኛውን ዓመት ብር ባስገባች ዕለት ደብተሯ ላይ ስንት ብር አለ?

ይህን በሁለት መንገድ ማስላት ይቻላል። አንደኛው እያንዳንዱን ገንዘብ ለብቻው መከታተል ነው። የመጀመሪያው 10,000 ብር ሦስት ዓመት ስለቆየ ሦስት ጊዜ በ1.07 ይባዛል፤ 12,250.43 ይሆናል። ሁለተኛው 12,000 ሁለት ጊዜ ይባዛል፤ 13,738.80። ሦስተኛው አንድ ጊዜ፤ 8,560። የመጨረሻው 15,000 ገና ዛሬ ስለገባ አይባዛም። ሲደመር 49,549.23 ብር። ስንት ጊዜ አባዛን? ሦስት፣ ሁለትና አንድ፤ በድምሩ ስድስት ጊዜ።

ሁለተኛው መንገድ ደብተሩ ራሱ የሚሄድበት ነው። 10,000 ብር ዓመት ሲሞላው 10,700 ሆነ፤ 12,000 ተጨመረበትና 22,700 ሆነ። ያ ሁሉ በአንድ ላይ ዓመት ቆይቶ 24,289 ሆነ፤ 8,000 ሲጨመርበት 32,289። እንደገና ዓመት ቆይቶ 34,549.23፤ 15,000 ሲጨመርበት 49,549.23። መልሱ ያው ነው፤ ያባዛነው ግን ሦስት ጊዜ ብቻ ነው።

ዛሬ የምነግራችሁ ነገር ሁሉ እዚህ ደብተር ውስጥ አለ። የመጀመሪያው ሒሳብ በሒሳብ ቋንቋ ሲጻፍ፣ 1.07ን x ብለን፣ እንዲህ ነው፦

```
10000x³ + 12000x² + 8000x + 15000
```

ሁለተኛው ደግሞ እንዲህ፦

```
((10000x + 12000)x + 8000)x + 15000
```

የመጀመሪያው ሦስተኛ ዲግሪ ያለው ፖሊኖሚያል ነው። ሁለተኛውም ያው ፖሊኖሚያል ነው፤ x እየወጣ፣ የቀረው በቅንፍ እየታሰረ፣ ቅንፍ በቅንፍ ውስጥ ገብቶ የተጻፈ። ሰው ሁሉ የሚያውቀውን የማከፋፈል ሕግ፣ ማለትም ax + bx = (a + b)x የሚለውን፣ ደጋግሞ ከመጠቀም በቀር ምንም አልተጨመረበትም።

አሁን ዲግሪውን ከፍ እናድርገው። ፖሊኖሚያሉ መቶኛ ዲግሪ ቢሆንና ኮፊሸንቶቹ ሁሉ ዜሮ ያልሆኑ ቁጥሮች ቢሆኑ፣ እያንዳንዱን ተርም ለብቻው ከባዶ የሚያሰላ ሰው ለ x¹⁰⁰ ተርም መቶ ጊዜ ያባዛል፤ ዘጠና ዘጠኙ ፓወሩን ለማግኘት፣ አንዱ ኮፊሸንቱን ለማባዛት። ለ x⁹⁹ ተርም ዘጠና ዘጠኝ ጊዜ፣ ለሚቀጥለው ዘጠና ስምንት ጊዜ እያለ እስከ አንድ ይወርዳል። ድምሩ 5,050 ነው።

ትንሽ ያሰበ ሰው እንዲህ አያደርግም። x²ን አንዴ ካገኘ በ x አባዝቶ x³ን ያገኛል፤ እሱን ደግሞ በ x አባዝቶ x⁴ን። ፓወሮቹን በ99 ማባዛት ይጨርሳል፤ ከዚያ መቶ ኮፊሸንቶችን በየፓወራቸው ለማባዛት 100 ያስፈልገዋል። በጠቅላላው 199። ከ5,050 ወደ 199 መውረድ ትልቅ እርምጃ ስለሆነ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቆማል። የብዙ ተማሪዎችን ኮድ አይቻለሁ፤ አብዛኛው የሚቆመው እዚህ ነው።

በቅንፍ በቅንፍ ግን 100 ብቻ ነው። እያንዳንዱ እርምጃ አንድ ማባዛትና አንድ መደመር ይፈልጋል፤ እርምጃዎቹ ደግሞ የዲግሪውን ያህል ናቸው። የመደመሩ ቁጥር በሦስቱም መንገዶች እኩል 100 ስለሆነ ልዩነቱ ያለው ማባዛቱ ላይ ነው።

ቁጥሮቹን ማወቅ ብቻ ግን ምክንያቱን ማወቅ አይደለም። 5,050 የነበረው ሥራ የት ሄደ? ወደ ደብተሩ እንመለስና በዝግታ እንየው። የመጀመሪያው ማባዛት ሲደረግ ደብተሩ ውስጥ የነበረው የመጀመሪያው ዓመት ገንዘብ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ያ ማባዛት አንድ ገንዘብ አሳደገ። ሁለተኛው ማባዛት ሲደረግ የሁለት ዓመት ገንዘብ ተቀላቅሎ ነበር፤ አንዱ ማባዛት ሁለቱንም በአንድ ጊዜ አሳደገ። ሦስተኛው ሦስቱን አሳደገ። አንድ ሲደመር ሁለት ሲደመር ሦስት፣ ስድስት። በመጀመሪያው መንገድ ለየብቻ ያደረግናቸው ስድስት ማባዛቶች እነዚሁ ናቸው። አንዳቸውም አልጠፉም። ሦስት ማባዛት ውስጥ ተጠቃልለው ተሠሩ እንጂ።

መቶኛ ዲግሪ ላይም እንደዚሁ ነው። የመጀመሪያው ማባዛት አንድ ኮፊሸንት ይሸከማል፣ ሁለተኛው ሁለት፣ ሃምሳኛው ሃምሳ፣ መቶኛው መቶ። ሲደመር 5,050 ይመጣል፤ በትክክል ያ የመጀመሪያው ቁጥር። ይህን ሳየው ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። ማንም የሥራ ቅናሽ አላደረገልንም፤ ሥራው ሁሉ ተሠርቷል፤ ግን በ x መባዛት ያለባቸው ቁጥሮች መጀመሪያ ተደምረው በአንድ ላይ ተባዙ። 199 ያወጣው መንገድ ያመለጠው ይህ ነው፤ ፓወሮቹን በጋራ ተጠቀመ፣ ኮፊሸንቶቹን ግን ተለያይተው እንዲባዙ ተዋቸው።

በእጅ አንድ እንሥራ። ብዕር ያላችሁ አብራችሁ ሥሩ፦

```
p(x) = 2x⁵ − 7x⁴ + 4x² − x + 6,   x = 3
```

መጀመሪያ ኮፊሸንቶቹን ከትልቁ ፓወር ጀምራችሁ በተርታ ጻፉ። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው፤ x³ የለም። የለም ማለት ኮፊሸንቱ ዜሮ ነው ማለት ስለሆነ ዜሮው መጻፍ አለበት፦ 2፣ −7፣ 0፣ 4፣ −1፣ 6። ከዚያ የመጀመሪያውን ትወስዱና በ3 አባዝታችሁ የሚቀጥለውን ትደምራላችሁ፤ ያገኛችሁትን በ3 አባዝታችሁ የሚቀጥለውን ትደምራላችሁ።

```
 2
 2·3 − 7  =  −1
−1·3 + 0  =  −3
−3·3 + 4  =  −5
−5·3 − 1  = −16
−16·3 + 6 = −42
```

መልሱ −42 ነው። በረጅሙ መንገድ 486 − 567 + 36 − 3 + 6 ብላችሁ ብታረጋግጡ ያው ይመጣል። አምስት ጊዜ አባዛን፤ ቁጥሮቹም ትናንሽ ሆነው ቀሩ። በረጅሙ መንገድ 486 እና 567 ከመሳሰሉ ቁጥሮች ጋር መታገል ነበረብን፤ በዚህኛው ግን ከ48 በላይ የወጣ ቁጥር የለም። ለእጅ ሥራ ይህም ቀላል ነገር አይደለም።

ዜሮውን የረሳ ሰው ምን ያገኛል? 2፣ −1፣ 1፣ 2፣ 12። መልሱ 12 ነው ይላል። ይህ ስህተት ምልክት አይሰጥም፤ ምክንያቱም 12 ትክክለኛ መልስ ነው፣ ግን የሌላ ፖሊኖሚያል፤ የ 2x⁴ − 7x³ + 4x² − x + 6። ስህተቱን የምታውቁበት መንገድ ከመጀመራችሁ በፊት ኮፊሸንቶቹን መቁጠር ነው። ዲግሪው አምስት ከሆነ በተርታው ላይ ስድስት ቁጥር መኖር አለበት። አምስት ካገኛችሁ አንድ ዜሮ ጠፍቷል። መምህራን እዚህ ስላላችሁ፣ እባካችሁ ተማሪዎቻችሁን መጀመሪያ ይህን ቆጠራ አስለምዷቸው። ፈተና ላይ ከሚበላሹት መልሶች ብዙዎቹ ከዚህ የሚመጡ ናቸው።

በመንገድ ላይ የወጡትንም ቁጥሮች አትጣሏቸው። 2፣ −1፣ −3፣ −5፣ −16 የሚሉት ፖሊኖሚያሉን ለ x − 3 ስናካፍል የሚገኘው ድርሻ ኮፊሸንቶች ናቸው፤ −42 ደግሞ ቀሪው ነው። ሁለተኛ ደረጃ ላይ በአጭሩ የማካፈያ መንገድ ብለን የተማርነው ሰንጠረዥ ይኸው ራሱ ነው። እነዚያን አምስት ቁጥሮች ይዛችሁ ሒሳቡን በ3 አንዴ ብትደግሙት 2፣ 5፣ 12፣ 31፣ 77 ይወጣል፤ 77 የፖሊኖሚያሉ ደሪቬቲቭ በ3 ላይ ያለው ዋጋ ነው። በኒውተን መንገድ ሥር የሚፈልግ ሰው የሚያስፈልጉት ሁለቱ ዋጋዎች፣ የፖሊኖሚያሉና የደሪቬቲቩ፣ እንዲህ ከአንድ ተርታ ይወጡለታል።

በኮድ ደግሞ ይህን ያህል ነው፦

```python
def p(a, x):
    r = a[0]
    for c in a[1:]:
        r = r * x + c
    return r
```

a ውስጥ ኮፊሸንቶቹ ከትልቁ ፓወር ጀምረው ተደርድረዋል። ከትንሹ ጀምሮ የተደረደረ ዝርዝር ብትሰጡት ያለ ምንም ቅሬታ ይሠራል፤ የሚሰጣችሁ ግን ተገልብጦ የተነበበ ፖሊኖሚያል ዋጋ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ x = 0 ስጡት። ትክክል ከሆነ የሚመለሰው x የሌለበት ተርም ነው፤ በእኛ ምሳሌ 6። ተገልብጦ ከሆነ 2 ይመለሳል።

ይህ አምስት መስመር ፖሊኖሚያል የሚል ቃል በሌለበት ቦታም ይሠራል። ጃቫ የጻፋችሁ ሰዎች የስትሪንግን hashCode ታውቁታላችሁ። ጃቫ የቃሉን ፊደሎች እንደ ኮፊሸንት፣ 31ን እንደ x ይወስዳል። «ሰላም» የሚለውን ቃል ብትሰጡት ሰ በዩኒኮድ ቁጥሯ 4656፣ ላ 4619፣ ም 4637 ናቸው። ኮምፒውተሩ 4656ን በ31 አባዝቶ 4619 ይደምራል፤ 148,955። ያንን በ31 አባዝቶ 4637 ይደምራል፤ 4,622,242። ቤት ስትገቡ ሞክሩት፤ ይኸው ቁጥር ይወጣል። ቃሉ ስንት ፊደል እንዳለው አስቀድሞ ማወቅ አላስፈለገውም፤ ፊደል በመጣ ቁጥር የነበረውን አባዝቶ አዲሱን ይደምራል። ፓወሮችን ለየብቻ ማዘጋጀት ቢፈልግ ኖሮ ርዝመቱን መጀመሪያ መጠየቅ ነበረበት።

መንገዱ በእንግሊዛዊው የትምህርት ቤት መምህር በዊልያም ጆርጅ ሆርነር ስም ይጠራል፤ እሱ እ.ኤ.አ. በ1819 ባወጣው ጽሑፍ የእኩልታ ሥሮችን ለመፈለግ ተጠቅሞበታል። ነገር ግን ጣልያናዊው ፓኦሎ ሩፊኒ ከእሱ በፊት በ1804 ጽፎታል፤ ኒውተንም ያውቀው ነበር፤ ቻይናዊው ቺን ጂዩሻኦ ደግሞ በ1247 ከፍተኛ ዲግሪ ያላቸውን እኩልታዎች በዚህ ስልት ፈትቷል። በስሙ ላይ መከራከር ጊዜያችንን አይገባውም፤ ስለዚህ ልለፈው።

ጊዜያችንን የሚገባው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ከዚህ በታች መውረድ ይቻላል? መቶኛ ዲግሪን በ99 ማባዛት፣ ወይም በ60፣ የሚሠራ ብልሃት ይኖር ይሆን? ይህን ጥያቄ በግልጽ ያነሳው አሌክሳንደር ኦስትሮቭስኪ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1954። መልሱን ለማንኛውም ዲግሪ ያረጋገጠው ቪክቶር ፓን ነው፤ በ1966። ኮፊሸንቶቹና x እንደመጡ የሚሰጡን ከሆነ፣ የኮፊሸንቶቹን ባሕርይ አስቀድመን የማናውቅ ከሆነ፣ n-ኛ ዲግሪ ያለውን ፖሊኖሚያል ከ n ባነሰ ማባዛት ማስላት አይቻልም። ማካፈልን ብንጨምርም አይቻልም።

የማረጋገጫው ሐሳብ ደስ የሚል ስለሆነ በአጭሩ ልንገራችሁ። አንድ ሰው ከ n ባነሰ ማባዛት እሠራለሁ ብሎ ስልት አመጣ እንበል። ኮፊሸንቶችን የሚነካ የመጀመሪያውን ማባዛት እንይ። ከሚባዙት ሁለት ነገሮች በአንዱ ውስጥ ኮፊሸንት አለ። እኛ ኮፊሸንቶቹን እንደፈለግን መምረጥ ስለምንችል አንዱን ኮፊሸንት ከሌሎቹ ጋር በአንድ ግንኙነት እናስረውና ያንን ነገር ተራ ቁጥር እናደርገዋለን። አሁን ያ ማባዛት ኮፊሸንትን ከ x ጋር የሚያገናኝ መሆኑ ቀረ። አንድ ማባዛት ለማጥፋት የከፈልነው አንድ ኮፊሸንት ብቻ ነው። እንዲህ እያልን ማባዛቶቹን ሁሉ ስናጠፋ፣ ማባዛቶቹ ከ n ስለሚያንሱ፣ በ x ወይም በፓወሩ መባዛት የሚገባው ቢያንስ አንድ ያልታሰረ ኮፊሸንት ይቀራል። እሱን ከ x ጋር የሚያባዛው ግን ማንም የለም። ስለዚህ ስልቱ ያንን ፖሊኖሚያል በትክክል ሊያሰላ አይችልም። የእኛ 100 እንግዲህ የመጨረሻው ወለል ነው።

«ኮፊሸንቶቹን አስቀድመን የማናውቅ ከሆነ» ያልኩትን ግን አስተውሉ፤ በሩ ያለው እዚያ ነው። ኮፊሸንቶቹ የማይለወጡ ከሆኑ፣ የሚለወጠው x ብቻ ከሆነና ያንኑ ፖሊኖሚያል ሚሊዮን ጊዜ የምናሰላው ከሆነ፣ አንዴ ቁጭ ብለን ኮፊሸንቶቹን ወደ ሌላ መልክ መቀየር እንችላለን። ቴዎዶር ሞትስኪን በ1955 እንዳሳየው በዚህ መንገድ የማባዛቱ ቁጥር ወደ ዲግሪው ግማሽ አካባቢ ይወርዳል። ትንሽ ምሳሌ ላሳያችሁ፦

```
x⁴ + 3x³ + 9x² + 9x + 14
```

በቅንፍ በቅንፍ (((x + 3)x + 9)x + 9)x + 14 ነው። መሪው ኮፊሸንት 1 ስለሆነ አንድ ማባዛት ተርፎልን በሦስት እንጨርሳለን። አሁን ግን እንዲህ እናድርገው፦

```
y = (x + 1)x + 2
p = (y + x + 3)y + 4
```

ሁለት ማባዛት ብቻ። x = 2 ብትሉ y = 8 ይሆናል፤ ከዚያ (8 + 2 + 3) በ8 ሲባዛ 104፣ 4 ሲደመር 108። በመጀመሪያው መልክም 16 + 24 + 36 + 18 + 14፣ ያው 108። የተከፈለው ዋጋ መደመር ነው፤ ከአራት ወደ አምስት ከፍ ብሏል። 1፣ 2፣ 3፣ 4 የሚሉትን ቁጥሮች ከኮፊሸንቶቹ ማውጣትም ራሱ ሥራ ነው፤ ዲግሪው ሲጨምር ይከብዳል። ለአንድ ጊዜ ስሌት ይህን ማድረግ ኪሳራ ነው።

ከታዳሚው አንድ ወንድም «ታዲያ ሁልጊዜ ቅንፍ በቅንፍ እንጠቀም?» ብሎ ጠየቀ። ሁልጊዜ አይደለም፤ ሁለት ቦታ ላይ ቆም ማለት አለባችሁ።

አንደኛው ተርሞቹ ጥቂት ሲሆኑ ነው። x¹⁰⁰ + 1ን ውሰዱ። በዚያ አምስት መስመር ኮድ ብታሰሉት ዘጠና ዘጠኝ ዜሮዎችን እየደመረ 100 ጊዜ ያባዛል። ራሱን በራሱ እያባዛችሁ ብትሄዱ ግን x²፣ x⁴፣ x⁸፣ x¹⁶፣ x³²፣ x⁶⁴ን በስድስት ማባዛት ታገኛላችሁ፤ x⁶⁴ን በ x³²፣ ውጤቱን በ x⁴ ስታባዙ x¹⁰⁰ ወጣ። ስምንት ማባዛት። ፓን ያረጋገጠው ኮፊሸንቶቹ ምንም ሊሆኑ ሲችሉ ነው፤ እዚህ አብዛኞቹ ዜሮ መሆናቸውን አውቀናል። ቅንፍ በቅንፍ የሚያተርፈው ብዙ ኮፊሸንቶችን በአንድ ማባዛት ስለሚሸከም ነው ብለናል። የሚሸከመው ከሌለ የሚያተርፈው የለም።

ሁለተኛው ዛሬ ያሉት ፕሮሰሰሮች ጉዳይ ነው። ቅንፍ በቅንፍ ውስጥ እያንዳንዱ እርምጃ የፊተኛውን ውጤት ይጠብቃል፤ የውስጠኛው ቅንፍ ሳያልቅ የውጪው አይጀመርም። ፕሮሰሰሩ በአንድ ጊዜ ብዙ ማባዛት የሚችል ሆኖ ሳለ ተሰልፎ ይጠብቃል። ጄራልድ ኤስትሪን በ1960 ያቀረበው መንገድ ጎረቤት የሆኑ ተርሞችን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ጎን ለጎን ያሰላል፤ ከዚያ ጥንዶቹን በ x²፣ የእነሱን ጥንዶች ደግሞ በ x⁴ ያገናኛል። ሰባተኛ ዲግሪ ላይ 9 ማባዛት ይፈልጋል፤ የእኛ 7 ነው። ነገር ግን ተራ በተራ የሚጠበቁት እርምጃዎች ከሰባት ወደ ሦስት ይወርዳሉ። ሰዓት ይዛችሁ ስትለኩ ዘጠኙ ከሰባቱ ሊቀድም ይችላል። ብዙ x ካላችሁ፣ ለምሳሌ አንድ ሺህ ነጥብ ያለው ግራፍ የምትስሉ ከሆነ፣ ቅንፍ በቅንፍን ለብዙ x በአንድ ጊዜ ማስኬድ ስለሚቻል ጥበቃው ያን ያህል አይጎዳም። ማባዛትና መደመርን በአንድ ትእዛዝ የሚሠሩ ፕሮሰሰሮች ላይ ደግሞ እያንዳንዱ እርምጃ፣ r * x + c፣ አንድ ትእዛዝ ይሆናል።

አንዲት እህት ደግሞ ስለ ትክክለኛነት ጠየቀች፤ ማባዛቱ ከቀነሰ ስህተቱም ይቀንስ እንደሆነ። ይህ ከሁሉም የበለጠ ጥንቃቄ የሚፈልገው ስለሆነ ጊዜ ወስጄ እመልሳለሁ።

ማጠጋጋት ያለበት እርምጃ በቀነሰ ቁጥር የሚጠራቀመው ስህተት ይቀንሳል፤ ያ እውነት ነው። ነገር ግን ቅንፍ በቅንፍ ከፖሊኖሚያሉ ራሱ የሚመጣውን ችግር አያድንም። በአራት አሃዝ ብቻ የሚሠራ ካልኩሌተር አለን እንበል። x³ − 3x² + 3x − 1ን በ x = 1.01 ላይ እናስላ።

```
1.01 − 3      = −1.99
−1.99 · 1.01  = −2.0099  →  −2.010
−2.010 + 3    =  0.990
0.990 · 1.01  =  0.9999
0.9999 − 1    = −0.0001
```

መልሱ −0.0001 ሆነ። ይህ ፖሊኖሚያል ግን (x − 1)³ ነው፤ ትክክለኛው ዋጋ 0.01 ሦስት ጊዜ ራሱን አባዝቶ 0.000001 ነው። መጠኑ መቶ እጥፍ ተሳሳተ፤ ምልክቱም ተገለበጠ። ሥር የሚፈልግ ፕሮግራም ይህን አይቶ «ሥሩ ከ1.01 በኋላ ነው» ብሎ በተሳሳተ አቅጣጫ ይሄዳል። ስህተቱ የገባው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ 2.0099 ወደ 2.010 ሲጠጋጋ። ልዩነቱ 0.0001 ብቻ ነው፤ ትልልቆቹ ቁጥሮች ተቀናንሰው ሲጠፉ ግን የቀረው እሱ ብቻ ሆነ። በኮምፒውተር አስራ ስድስት አሃዝ ቢኖራችሁም ዲግሪው ከፍ ሲልና ሥሮቹ ሲቀራረቡ ያው ነገር ይደርሳል፤ ግራፉን በጣም አቅርባችሁ ብትስሉት ለስላሳ መስመር መሆን የነበረበት ወደላይና ወደታች የሚዘል ነጠብጣብ ሆኖ ይታያችኋል።

መልሱ የሚታመን መሆኑን ትክክለኛውን ዋጋ ሳናውቅ እንዴት እንለይ? ያንኑ ሒሳብ አንዴ እንደገና፣ አሁን ሁሉንም ኮፊሸንቶችና x ያለ ምልክታቸው ወስደን እናስኬዳለን። በእኛ ምሳሌ 1፣ 3፣ 3፣ 1 በ1.01 ላይ 8.12 አካባቢ ይሰጣል። ይህን በዲግሪው እጥፍ፣ ማለትም በ6፣ ከዚያ በካልኩሌተሩ የማጠጋጋት መጠን፣ ለአራት አሃዝ 0.0005፣ እናባዛዋለን። ወደ 0.024 ይመጣል። ስህተቱ ከዚህ እምብዛም እንደማይበልጥ ነው የሚነግረን። ያገኘነው መልስ 0.0001 ሆኖ የስህተቱ ጣሪያ 0.024 ከሆነ በመልሱ ምልክት እንኳ መተማመን አይቻልም። መልሱ ከጣሪያው በብዙ እጥፍ ቢበልጥ ኖሮ ያለ ስጋት እንወስደው ነበር። በመጀመሪያው ምሳሌያችን ላይ ሞክሩት፤ 2፣ 7፣ 0፣ 4፣ 1፣ 6 በ3 ላይ 1,098 ይሰጣል። በአራት አሃዝ ጣሪያው 5.5 አካባቢ ነው፤ 42 ከእሱ በጣም ይበልጣል፤ ስለዚህ ቢያንስ መልሱ ኔጌቲቭ መሆኑ አያጠራጥርም።

ጣሪያው ከመልሱ በላይ ከሆነ አሃዝ መጨመር አንዱ መፍትሔ ነው። የተሻለው ግን የምታሰሉበትን አካባቢ ካወቃችሁ ፖሊኖሚያሉን ወደዚያ ማዛወር ነው። ሁልጊዜ ከ1 አጠገብ የምትሠሩ ከሆነ t = x − 1 ብላችሁ ፖሊኖሚያሉን በ t አስቀድማችሁ ጻፉት፤ አዲሶቹን ኮፊሸንቶች የሚሰጣችሁም ያው ማካፈል ነው፤ በ1 ላይ ደጋግማችሁ ስታካፍሉ በየዙሩ የሚወጡት ቀሪዎች ናቸው። በእኛ ምሳሌ የሚቀረው t³ ብቻ ነው። x = 1.01 ሲሆን t = 0.01 ይሆናል፤ በዚያው አራት አሃዝ ባለው ካልኩሌተር ሁለት ጊዜ አባዝታችሁ 0.000001ን ታገኛላችሁ።